የጋሽ መርዕድ ድጋፍ

ትርንጎ ለሙዚቃ ትምህርት ቤቱ የነጻ ትምህርት ማመልከቻ ስትጽፍ አልዋሸችም። «የምስክር ወረቀት የለኝም። ክራር ያስተማረኝ የለም፤ ቅኝቶቹን በጆሮዬ ነው የለየኋቸው። በአንቺ ሆዬ ቅኝት የደረስኩትን ዜማ ቀርጬ አያይዣለሁ።»

ትምህርት ቤቱ በምስክር ወረቀቱ ምትክ የታወቀ ሙዚቀኛ የድጋፍ ደብዳቤ ጠየቃት። ስመ ጥሩው የክራር ተጫዋች ጋሽ መርዕድ ቅጂውን ሰምተው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ እጽፍልሻለሁ» አሏት። ደብዳቤውን አሽገው ራሳቸው ላኩት።

በፈተናው ቀን ዜማውን ተጫወተች። የፈታኞቹ ሰብሳቢ ፈገግ አሉ።

«አልፈሻል። ግን ማመልከቻሽ ከጋሽ መርዕድ ደብዳቤ ጋር ይጋጫል። ‹ተማሪዬ ናት፤ ዜማውም የእኔ ድርሰት ነው› ብለዋል። ‹ያስተማረኝ የለም› እና ‹የደረስኩት› የሚሉትን ሰርዢና ፈርሚበት።»

እስክሪብቶውን ተቀብላ ሁለቱንም ሰረዘች።